አለቃዬ ከማን ይስማ?

በአገራችን ባንኮች አንድ ክፍት የሥራ መደብ ለውስጥ ሠራተኞች ሲወጣ ማስታወቂያው በኢሜይል ይላካል፤ ኢሜይሉ ከመከፈቱ በፊት ግን ብዙ ጊዜ ፎቶው በሠራተኞች የቴሌግራም ቡድን ውስጥ ዞሯል። ማመልከቻ የሚቀበሉት ለጥቂት የሥራ ቀናት ብቻ ስለሆነ ለማመልከት ያሰበ ሠራተኛ የመጀመሪያ ጭንቀቱ ቀኑ እንዳያልፈው ነው። የትምህርት ማስረጃውን ያሰባስባል፣ ሲቪውን ያድሳል፣ ቅጹን ሞልቶ ይልካል። አለቃው ትዝ የሚለው ከዚያ በኋላ ነው። ያኔም ቢሆን “ከተመረጥኩ እነግረዋለሁ፤ ካልተመረጥኩ ምን አስለፈለፈኝ?” ብሎ ዝም የሚለው ብዙ ነው።

ይህ ስሌት የሚሳሳተው ማመልከቻው ከተላከ በኋላ የሚሄድበትን መንገድ ስለማያይ ነው። የሰው ሀብት መምሪያው አመልካቾችን ሲያጣራ የቅርብ ጊዜ የሥራ አፈጻጸም ውጤታቸውንና የዲሲፕሊን ሁኔታቸውን ይመለከታል። ውጤቱን የሞላው የቅርብ አለቃው ነው፤ ማስጠንቀቂያ ካለም የፈረመው እሱ ነው። ከዚህም በላይ ሠራተኛውን የሚቀበለው ክፍል ኃላፊ ስልክ ያነሳል። “ከእናንተ ዘንድ አንዲት ልጅ አመልክታለች፤ እንዴት ናት?” ብሎ ይጠይቃል። ምንም ያልሰማ አለቃ ለዚህ ጥያቄ የሚመልሰው በድንጋጤው ላይ ሆኖ ነው። ልጅቷን ቢወዳት እንኳ “እኔ ምንም አላውቅም፤ አልነገረችኝም” ይላል። ያቺ ዓረፍተ ነገር ክፉ አይደለችም፤ የጠየቀው ሰው ጆሮ ውስጥ ግን ጥርጣሬ ታስቀምጣለች። ለእኔ ሳትነግረኝ ነገ ወደ ሌላ ክፍል ትሄድ ይሆን? ብሎ ማሰቡ አይቀርም።

ስለዚህ አለቃው መስማቱ አይቀርም። ለሠራተኛው የቀረለት ምርጫ ከማን አፍና መቼ ይስማ የሚለው ብቻ ነው፤ ይህ ጽሑፍም የሚያተኩረው በዚህ ላይ ነው።

ከመሥሪያ ቤቱ ለቆ መሄድና በውስጡ መዛወር የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ማስቀደም ያስፈልጋል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ሥራውን ለመልቀቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፤ ቀኑ ሲያልቅ ውሉ ይቋረጣል፣ ክሊራንሱን ጨርሶ ይሄዳል። የውስጥ ዝውውር ግን ውሉን አያቋርጥም። የአገልግሎት ዘመኑ ይቀጥላል፤ ያልተወሰደ የዓመት ፈቃዱም አብሮት ይሄዳል። ባንክ ውስጥ ደግሞ ብዙዎችን የሚያሳስበው በሠራተኛ ወለድ የተወሰደው የቤት ብድር ነው፤ እሱም በዝውውር ምክንያት አይነካም። አለቃ ሠራተኛውን የሚለቅበት ቀን ግን እንደ መልቀቂያው 30 ቀን በአዋጁ የተቆረጠ አይደለም። ቀኑ የሚወሰነው በመሥሪያ ቤቱ የሰው ሀብት መመሪያና በኅብረት ስምምነቱ ነው፤ እነሱም ዝም ካሉ በሁለቱ ኃላፊዎች ስምምነት ይወሰናል። በተግባር የአለቃው ቃል ክብደት የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። ሠራተኛው ተመርጦም፣ ደብዳቤው ወጥቶም “ምትክ እስኪመጣ አልለቅም” ሊባል ይችላል።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ እንከተለው። አዳማ ባለ አንድ የባንክ ቅርንጫፍ አራት ዓመት የሠራች የደንበኞች አገልግሎት ባለሙያ እናስብ። በሒሳብ አያያዝ ዲግሪ አላት፤ ፍላጎቷ የብድር ትንተና ነው። ኅዳር ላይ አዲስ አበባ ዋናው መሥሪያ ቤት ለብድር ተንታኝነት የውስጥ ማስታወቂያ ያወጣል። የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ ዕድሜያቸው ወደ ሃምሳ የተጠጋ፣ ከገንዘብ ከፋይነት ተነሥተው እዚህ የደረሱ ሰው ናቸው። ሥራ ያስተማሯትም እሳቸው ናቸው። ልጅቷ እሳቸውን ላለማስቀየም ብላ ልትተወው አስባለች፤ ሳትነግራቸው ልታስገባም አስባለች። ሁለቱም የመነጩት ከአንድ ፍርሃት ነው፤ ሥራ አስኪያጁ ይቆጣሉ ከሚል።

ነገር ግን ሥራ አስኪያጁ ምን ያሰጋቸዋል? ይህን ጠጋ ብሎ ማየት ከቁጣቸው ማምለጫ ከመፈለግ ይበልጣል። በትንሽ ቅርንጫፍ ውስጥ አንድ ሠራተኛ የሚሠራው በመደቡ ላይ የተጻፈውን ብቻ አይደለም። ካዝናው የሚከፈተው በሁለት ቁልፍ ነው፤ ሁለቱ ቁልፎች በአንድ ሰው እጅ መግባት የለባቸውም። ከእነዚህ አንዱን የምትይዘው ይቺ ልጅ ናት። ሲስተሙ ላይ አንዱ ያስገባውን ክፍያ ሌላው ማጽደቅ አለበት፤ ከአጽዳቂዎቹም አንዷ እሷ ናት። እሷ ስትሄድ ቁልፉን ማን ይይዛል? አጽዳቂው ምሳ ሲወጣ ደንበኛ ቆሞ ሊጠብቅ ነው? በዚያ ላይ ዲስትሪክቱ ለቅርንጫፉ የሰጠው የተቀማጭ ገንዘብ ዕቅድ ሰው ሲቀንስ አይቀንስም። ምትክ ይጠየቃል፤ የሚመጣበት ቀን ግን አይታወቅም፤ ቢመጣም አዲስ ተቀጣሪ ሆኖ ለወራት የሚለማመድ ሊሆን ይችላል። ከላይ ሲታይ “አትሂጂብኝ” የሚመስለው ንግግር ብዙ ጊዜ ከሥሩ “ቁልፉን ለማን ልስጥ?” የሚል ጥያቄ አለው። ለዚህ ጥያቄ መልስ ይዛ የገባች ሠራተኛ ንግግሯ ሌላ መልክ ይኖረዋል።

ከመናገሯ በፊት ብቻዋን የምትጨርሰው ሥራ አለ። የመጀመሪያው መመሪያውን ማንበብ ነው፤ ከባልደረባ የተሰማውን ሳይሆን የተጻፈውን። ብዙ መሥሪያ ቤቶች አንድ ሠራተኛ ለሌላ መደብ ከመወዳደሩ በፊት አሁን ባለበት መደብ ላይ የሚቆይበትን ዝቅተኛ ጊዜ ያስቀምጣሉ። የተወሰነ የአፈጻጸም ውጤትም ይጠይቃሉ፤ የጸና የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ያለበትን አያወዳድሩም። ማመልከቻው በቅርብ አለቃ መፈረም ይኖርበት እንደሆነም እዚያው ይገኛል። ሁለተኛው መደቡ ዕድገት ነው ወይስ በዚያው ደረጃ መዛወር ነው የሚለውን ማጣራት ነው። በዚያው ደረጃ ከሆነ ደመወዙ ላይጨምር ይችላል፤ የአዲስ አበባ የቤት ኪራይ ደግሞ ከአዳማው ጋር አይወዳደርም። ይህን ወረቀት ላይ አስቀምጣ ማስላት አለባት፤ ካመለከተች በኋላ “ለካ አያዋጣኝም” ብላ ብትመለስ አለቃዋን በከንቱ አስጨንቃ፣ የሚቀበላትን ክፍልም አጉላልታ ነውና።

ስለ አዲሱ ሥራ ለማወቅ ወደ ብድር ክፍሉ ደውላ መጠየቅ ነውር የለበትም። ተንታኙ በቀን ምን ይሠራል፣ ወደ ደንበኛ ቦታ ወጥቶ ያያል ወይስ ሰነድ ላይ ብቻ ነው፣ ፈተናው ምን ላይ ያተኩራል? ይህ መረጃ መጠየቅ ነው። “እኔን አስቡኝ” ማለት ግን ሌላ ነው። ያንን ካለች ከአለቃዋ ጀርባ ድርድር ጀምራለች፤ ወሬውም ከእሷ ቀድሞ አዳማ ይደርሳል። ለባልደረቦቿም ቢሆን አለቃው ሳይሰማ ባትነግር ይሻላል። ጓደኛ ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ በቅርንጫፍ ውስጥ ምሥጢር ከምሳ ሰዓት ስለማያልፍ ነው።

እንግዲህ መቼ ትንገር? ገና ስታስብ መንገር አይጠቅምም። “ምናልባት ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ልሄድ እችላለሁ” የተባለ አለቃ ከዚያ ቀን ጀምሮ እሷን ለሥልጠና ለመላክ፣ አዲስ ኃላፊነት ለመስጠት ያመነታል፤ እሷ ደግሞ ምናልባት ጨርሶ አታመለክትም። ካስገባች በኋላም መንገር የሆነውን ማሳወቅ እንጂ ማክበር አይሆንም። ትክክለኛው ጊዜ ውሳኔዋ ከጸና በኋላ፣ ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት ያለው ጠባብ ጊዜ ነው። ማስታወቂያው የሚቆየው ጥቂት ቀን ስለሆነ ይህ ምናልባት አንድ ወይም ሁለት ቀን ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ይበቃልም።

ሰዓቱም ይመረጣል። ጠዋት ካዝና ሲከፈት፣ የደሞዝ ሰሞን ሰልፉ በር ሲደርስ፣ ወይም ማታ ሒሳቡ ገና ሳይመጣጠን እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም። ባንክ ቤት የሠራ ሰው ያውቀዋል፤ የቀኑ ገንዘብ ተቆጥሮ ከሲስተሙ ጋር እኩል እስኪመጣ ድረስ የማንም ልብ አያርፍም። ሒሳቡ ተዘግቶ፣ ካዝናው ተቆልፎ፣ ሰው መውጣት ሲጀምር “ጋሼ፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ብቻ ላነጋግርዎት እፈልጋለሁ” ብላ ቢሯቸው መግባት ትችላለች። በር ላይ ቆማ ወይም በስልክ መልእክት ግን አይሆንም።

አነጋገሯ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙዎች የሚሰናከሉት እዚህ ነው። “ላመልክት ይፈቅዱልኛል?” ብላ ከጀመረች ለሁሉም ሠራተኛ የተከፈተውን ዕድል የአንድ ሰው ችሮታ አድርጋዋለች። “አይሆንም” ቢሏት ወይ ትተዋለች፣ ወይ የጠየቀችውን ፈቃድ ጥሳ ታስገባለች፤ ሁለቱም ይከፋሉ። በተቃራኒው “አመልክቻለሁ፤ እንዲያውቁት ብዬ ነው” ካለች ደግሞ ያስተማሯትን ሰው እንደ መዝገብ ቤት ቆጥራቸዋለች። መሐሉ እንዲህ ይመስላል፦

“ጋሼ፣ ለብድር ተንታኝነት የወጣውን ማስታወቂያ አይተውታል። ለመወዳደር ወስኛለሁ። ከማስገባቴ በፊት ግን ከሌላ ሰው ሳይሆን ከእኔ እንዲሰሙት ፈለግሁ። ማስታወቂያው ሐሙስ ይዘጋል፤ እኔ ረቡዕ ላስገባ አስቤአለሁ።”

እዚህ ውስጥ ውሳኔዋ የእሷ መሆኑ ግልጽ ነው፤ ቀኑም ተነግሯል። እሳቸው ደግሞ ከሁሉ ቀድመው ሰምተዋል። ምክንያቷን ሲጠይቋት ስለምትሄድበት ትናገር እንጂ ስለምትለየው አታማርር። “የተማርኩት የሒሳብ ሰነድ ማንበብ ነው፤ ለብድር ደንበኞች ሰነድ ስሰበስብ ሥራው ደስ እያለኝ መጣ” ማለት እውነት ከሆነ ይበቃል። የቅርንጫፉን ሥራ ብዛትና ያልተከፈለ የትርፍ ሰዓት በዚህ ወንበር ላይ ብታነሣ ንግግሩ ወደ ክርክር ይዞራል። እነዚያ ጉዳዮች እውነት ቢሆኑም የራሳቸው ቀን አላቸው።

ቀጥሎ ስለ ቁልፉና ስለ ማጽደቁ ራሷ ታንሣ። “ብመረጥ የካዝናው ቁልፍና የማጽደቁ ሥራ እንደሚያሳስብዎት አውቃለሁ። ሁለተኛዋ ባለሙያ ዓመት ስለሞላት፣ እርስዎ ካመኑባት ከአሁኑ አብራኝ ብትለማመድ ብዬ አሰብኩ። ሌላ የሚያሳስብዎት ነገር ካለ ይንገሩኝ” ብላ ዝም ትበል። ይህ ዝምታ ከንግግሩ ያላነሰ ዋጋ አለው፤ ሰውየው የሰሙትን የሚያስተናግዱበት ጊዜ ነውና።

ምን ሊመልሱ ይችላሉ? አንዳንዱ አለቃ ወዲያው “እግዚአብሔር ይርዳሽ፤ እኔም ደውዬ እናገርልሻለሁ” ይላል፤ እንዲህ ያሉት ከምንገምተው በላይ ብዙ ናቸው። አንዳንዱ ፊቱ ይለወጥና “እሺ” ብሎ ወደ ኮምፒዩተሩ ይዞራል። ይህን እንደ እምቢታ መቁጠር አያስፈልግም፤ ማግስቱን ጠዋት ወትሮ እንደምትሰጠው ሰላምታ መስጠት ይበቃል። ሦስተኛው ዓይነት መልስ “ከሰኔ በኋላ ይሻልሻል” የሚለው ነው። የባንኮች የሒሳብ ዓመት ሰኔ 23 ቀን ስለሚዘጋ ከዚያ በፊት ያሉት ወራት ለቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ከባዶቹ ናቸው፤ ስጋቱ እውነተኛ ነው። ክፍት መደቡ ግን እስከ ሰኔ አይጠብቃትም። መልሷ “ማመልከቻውን አሁን ካላስገባሁ ዕድሉ ያልፈኛል፤ ብመረጥ የምለቅበትን ቀን ግን እርስዎ፣ የብድር ክፍሉና የሰው ሀብት ተነጋግረው እንዲወስኑ እፈልጋለሁ” ይሁን። ማመልከቱንና መልቀቁን መለያየት የብዙ ንግግሮችን ውጥረት ያረግባል።

“ደመወዝ ከሆነ እኔ አስጨምርልሻለሁ፤ ቅሪ” የሚል አለቃም ይገጥማል። የዝውውሩን ማመልከቻ ለጭማሪ መደራደሪያ ማድረግ አደገኛ ነው ብዬ አምናለሁ። በባንክ የደመወዝ ስኬል የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ በራሱ የሚጨምረው ነገር የለም፤ የገባው ቃል ባይፈጸም እሱም ያፍራል፣ እሷም ሁለቱን ታጣለች።

ከንግግሩ በኋላ ደብዳቤው ይመጣል። መሥሪያ ቤቱ ቅጽ ካለው በቅጹ፣ ከሌለው በአጭር ደብዳቤ ይጻፋል። ጥያቄው በአለቃው በኩል ይሂድ ወይስ በቀጥታ ተልኮ ለአለቃው ግልባጭ ይሁን የሚለው ነው። “በኩል” ከተባለ አለቃው ፈርሞበት፣ ሸኚ ደብዳቤ አዘጋጅቶ ያስተላልፈዋል፤ ጠረጴዛው ላይ ከዘገየም ማመልከቻው ይዘገያል። ግልባጭ ከሆነ ደብዳቤው በቀጥታ ይሄዳል፤ አለቃው እንዲያውቀው ይደረጋል። መመሪያው በኩል ካለ በኩል ይሁን፤ ከመዝጊያው ቀን በፊት በቂ ጊዜ ይሰጣቸው፤ መዝገብ ቤት የገባበት ቀንና ቁጥርም ይያዝ። መመሪያው ምንም ካላለ ግልባጩ ይሻላል፤ አለቃውን ያከብራል፣ የእሷንም ቀን ያስጠብቃል። ደብዳቤው እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

“ለሰው ሀብት ሥራ አመራር መምሪያ፤ አዲስ አበባ። ጉዳዩ፦ ለብድር ተንታኝ መደብ ስለ መወዳደር። ከላይ በተጠቀሰው መደብ ላይ በወጣው የውስጥ ማስታወቂያ መሠረት ለመወዳደር ማመልከቴን እየገለጽኩ፣ የትምህርትና የሥራ ልምድ ማስረጃዬን ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። ለውድድሩ ማመልከቴን ለቅርብ ኃላፊዬ አሳውቄአለሁ። ከሰላምታ ጋር። ግልባጭ፦ ለአዳማ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ።”

“ለቅርብ ኃላፊዬ አሳውቄአለሁ” የምትለው መስመር ብዙ ሥራ ትሠራለች። የሰው ሀብት ባለሙያው ያለ ሥጋት እንዲደውል ታደርጋለች፤ ሥራ አስኪያጁ ግልባጩን ሲያዩ ቃሏን መጠበቋን ታረጋግጣለች። ከንግግሩ በፊት ከተጻፈች ግን ሐሰት ናት፤ ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ሊዛባ አይገባም።

ከዚያ በኋላ የሚመጡት ሳምንታት በጸጥታ ያልፋሉ፤ ጸጥታውም ይፈትናል። ለፈተና ስትጠራ ለቀኑ ፈቃድ በወጉ ትጠይቃለች እንጂ “ታምሜ ነው” አትልም። ወደ ቃለ መጠይቅ ካለፈች ለሥራ አስኪያጁ በአንድ ዓረፍተ ነገር ትነግራለች። በየቀኑ ማውራት ግን አያስፈልግም፤ ሲሰሙት የሚውሉ ባልደረቦች ልቧ ሄዷል ብለው ሥራዋን ከአሁኑ ይረከቧታል። በዚህ ጊዜ የምትሠራት ትንሽ ስሕተት እንኳ “ሐሳቧ እዚህ የለም” ተብላ እንደምትተረጎም ማወቅ አለባት።

ባትመረጥስ? ውጤቱ የተለጠፈ ዕለት ሳይጠይቋት እሷው ትንገራቸው። “አልተሳካልኝም፤ ሥራዬ ላይ ነኝ፤ ሌላ ጊዜ ሲወጣም እንደምወዳደር እንዲያውቁ እፈልጋለሁ” ብትል ግልጽ ነው። ከዚያ አንድ ጠቃሚ ጥያቄ ይቀራል፤ በምን እንደጎደለች የሰው ሀብትን ጠይቃ፣ ጉድለቱን በቅርንጫፉ ሥራ መሙላት ትችል እንደሆነ ከሥራ አስኪያጁ ጋር መነጋገር። ለምሳሌ ቅርንጫፉ ለብድር ጠያቂዎች የሚያዘጋጀውን የሰነድ ሥራ ቢሰጧት የሚቀጥለው ፈተና ይቀላታል።

በምሳሌያችን ግን ልጅቷ ተመርጣለች እንበል። ጥር ላይ ደብዳቤው ይደርሳል። የብድር ክፍሉ ኃላፊ በሁለት ሳምንት ውስጥ እንድትገባ ይፈልጋል፤ ሥራ አስኪያጁ ሰኔ ካልዘጋሁ ይላሉ። እዚህ ላይ የምትፈጽመው ትልቁ ስሕተት በሁለቱ መካከል መልእክተኛ መሆን ነው። “ጋሼ አይለቁኝም” ብላ ለአዲሱ፣ “እነሱ ቶሎ ነይ ይላሉ” ብላ ለነባሩ ስትመላለስ ሁለቱም በእሷ ይማረራሉ። የሰው ሀብት መምሪያ ሁለቱን በስልክ አገናኝቶ፣ የተስማሙበትን ቀን በጽሑፍ ቢያሳውቅ ለሁሉም ይቀላል። እሷ የምታቀርበው የርክክብ ዕቅዷን ነው፤ ቁልፉ በየትኛው ቀን ለማን ይተላለፋል፣ ሁለተኛዋ ባለሙያ ማጽደቁን ብቻዋን መሥራት የምትጀምረው መቼ ነው፣ ቀሪው ሥራ ስንት ቀን ይፈጃል? ይህ ዕቅድ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ “ሰኔ” የነበረው ወደ የካቲት አጋማሽ ሊመጣ ይችላል፤ ምክንያቱም ሥራ አስኪያጁ የሚጠብቁት ሰኔን ሳይሆን ቁልፉን የሚይዝ ሰው ነበር።

ቀኑ ጨርሶ ካልተቆረጠ፣ ወይም የተቆረጠው ቀን ያለ ምክንያት ከተገፋ፣ መጀመሪያ ተመልሳ እሳቸውን ታነጋግር፤ ቀኑንም በጽሑፍ ትጠይቅ። አሁንም ካልሆነ “ጉዳዩን የሰው ሀብት እንዲያየው ልጽፍ ነው” ብላ ነግራቸው ትጻፍ። ይግባኝ የሚባለውም በዚህ መንገድ ጨዋ ይሆናል። አንዱ ምልክት ግን ችላ አይባልም፤ ከንግግሩ በፊት ጥሩ የነበረው የአፈጻጸም ውጤት ከንግግሩ በኋላ ያለ በቂ ምክንያት ቢወርድ ምክንያቱን በጽሑፍ መጠየቅና በመሥሪያ ቤቱ የቅሬታ ሥርዓት ማቅረብ መብቷ ነው። ለዚህም ሲባል ቀደም ያሉ ውጤቶቿን ቅጂ መያዝ የሚገባት ማመልከቻውን ከማስገባቷ በፊት ነው።

አለቃን አስቀድሞ ማሳወቅ የማይገባበት ሁኔታም አለ፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ አንባቢን እበድላለሁ። ሠራተኛዋ መዛወር የፈለገችው አለቃዋ ስለሚያዋርዳት፣ ስለሚዝትባት ወይም በጾታዊ ትንኮሳ ስለሚያስቸግራት ከሆነ ከላይ የተባለው ሁሉ አይመለከታትም። ጾታዊ ትንኮሳ በአዋጅ 1156/2011 በግልጽ የተከለከለ ነው። እንዲህ ያለች ሠራተኛ በቀጥታ ወደ ሰው ሀብት ወይም ወደ አለቃው የበላይ ሄዳ፣ ማመልከቻዋ በምሥጢር እንዲያዝ ትጠይቅ፤ የሠራተኛ ማኅበር ካለም ያማክራት። ለማያከብር ሰው የመረጃ ዕዳ የለባትም።

ወደ አዳማዋ ልጅ እንመለስ። ርክክቡ በባንክ ቤት የወግ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ነገ የውስጥ ኦዲት ሲመጣ የሚያየው ወረቀት ነው። የካዝናው ቁልፍ በመዝገብ ላይ ተፈርሞ ይተላለፋል፤ የያዘችው ማኅተምም እንዲሁ። ያልተጠናቀቁ ሥራዎች በስም ይዘረዘራሉ፤ ሰነድ የጎደላቸው ሒሳቦች፣ የፋይዳ ቁጥራቸው ያልተያያዘ ደንበኞች፣ የመጡ ግን ያልተወሰዱ ቼክ ደብተሮች፣ መልስ የሚጠብቁ ቅሬታዎች። ከእያንዳንዱ ጎን የደረሰበትን ደረጃና ቀጥሎ የሚሠራውን መጻፍ የተረካቢዋን ብዙ ቀናት ያድናል። ቅጹን አስረካቢ፣ ተረካቢና ሥራ አስኪያጁ ይፈርሙበታል፤ አንዱን ቅጂ እሷ ትይዛለች። ብዙ ጊዜ የሚረሳው በሲስተሙ ላይ ያላት መብት ነው። በቅርንጫፉ ስም የተከፈተላት የተጠቃሚ መለያ እሷ ዋናው መሥሪያ ቤት ከገባች በኋላም ካልተዘጋ፣ በዚያ መለያ የተሠራ ማንኛውም ነገር በእሷ ስም ይመዘገባል፤ ጥያቄው ሲመጣም የሚጠየቁት እሷና ሥራ አስኪያጁ ናቸው። በመጨረሻው ቀን መለያዋ እንዲዘጋ የሚጠይቀውን ደብዳቤ ራሷ አዘጋጅታ ለፊርማ ብታቀርብላቸው ለሁለቱም ጥበቃ ነው።

ከሄደች በኋላም ከቅርንጫፉ ስልክ መደወሉ አይቀርም። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ሳምንታት ለተተኪዋ መመለስ ተገቢ ነው፤ ለአዲሱ ኃላፊዋም “ለተወሰነ ጊዜ ከአዳማ ይደውሉልኛል፤ በምሳ ሰዓት እመልስላቸዋለሁ” ብላ ቀድማ ትንገረው። ከእሱም ጋር የምትጀምረው ሳይሰማ የቀረ ነገር ሳይኖር ነው።